ከመጠን ያለፈ የራስ ቆዳ ላብ፦ ከማሳከክ፣ ከጠረንና ከፎረፎር ጋር ያለው ግንኙነትና የእንክብካቤው ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ራሳቸውን ከመጠን በላይ የሚያልባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ተያያዥ ችግሮችን ያነሣሉ፤ ማሳከክ፣ ጠረንና ፎረፎር። ይህ ጽሑፍ ላቡ ራሱ የእነዚህ ችግሮች ቀጥተኛ ምንጭ አለመሆኑን፣ ጉዳቱ የሚመጣው ላቡ ከቅባትና ከእርሾ መሰል ፈንገስ ጋር ተቀላቅሎ በቆዳው ላይ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት መሆኑን ያስረዳል። በተለይም ጥቅጥቅ ባለ ጥቅልል ፀጉርና በሹሩባ ሥር የሚገኘው የራስ ቆዳ ቅባታም ሆኖ ሳለ እንደ ደረቅ ተቆጥሮ ቅቤ ሲቀባ የሚፈጠረውን ስሕተት ይመረምራል። በመጨረሻም ላቡ ሳይቀንስ እንኳ ውጤቶቹን መቆጣጠር የሚቻልበትን አሠራር በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የራስ ቆዳ ላብ፣ ማላሴዚያ፣ ፎረፎር፣ ሴቦሪክ ደርማታይተስ፣ ሹሩባ

1. መግቢያ

የራስ ቆዳ ከሌላው የሰውነት ቆዳ የሚለየው በአንድ ስፍራ ሦስት ነገሮችን በብዛት አጣምሮ በመያዙ ነው። የላብ ዕጢዎች በብዛት ይገኙበታል፤ የቅባት ዕጢዎቹ ትልልቅና ንቁ ናቸው፤ በላዩም ያለው ፀጉር አየር እንደ ልብ እንዳይዘዋወር ያደርጋል። በክንድ ላይ የወጣ ላብ በጥቂት ደቂቃ ሲተንን፣ በፀጉር ሥር የወጣው ግን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ፀጉሩ የተሠራና በሻሽ ወይም በራስ ቁር የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ቆይታው ይበልጥ ይረዝማል።

ችግሩ ያለበት ሰው በአብዛኛው የሚያየው ውጤቱን ነው። ትከሻ ላይ የሚረግፍ ቅርፊት፣ በሰው መካከል የሚያሳፍር ማሳከክ፣ ሻሹ ሲፈታ የሚወጣ ጠረን። ከዚህ በመነሣት ሁለት ተቃራኒ መፍትሔዎች ይሞከራሉ። አንዳንዱ በየቀኑ በጠንካራ ሳሙና ያጥባል፤ ሌላው ደግሞ ቅርፊቱን የድርቀት ምልክት አድርጎ በመውሰድ ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባል። ሁለቱም ለአጭር ጊዜ እፎይታ ይሰጡ ይሆናል፤ ሆኖም መንሥኤውን ስለማይነኩ ችግሩ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በላቡና በውጤቶቹ መካከል ያለውን ሰንሰለት በየደረጃው ማሳየት፣ ሰንሰለቱንም የት ላይ መቁረጥ እንደሚቻል መጠቆም ነው።

2. የራስ ላብ ምንነትና መንሥኤዎቹ

በሰው አካል ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚገመቱ ኤክራይን የሚባሉ የላብ ዕጢዎች አሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ላብ 99 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን የቀረው በዋናነት ጨው፣ ጥቂት ላክቴትና ዩሪያ ነው። ይህ ላብ ሲወጣ ጠረን የለውም። በብብት የሚታወቀውን ጠንካራ ጠረን የሚያስከትለው ፈሳሽ አፖክራይን ከሚባሉ ሌሎች ዕጢዎች የሚወጣ ሲሆን፣ በራስ ቆዳ ላይ የእነዚህ ሚና አነስተኛ ነው። ስለዚህ የራስ ጠረን ላብ ከወጣ በኋላ በቆዳው ላይ የሚፈጠር እንጂ ከላቡ ጋር የሚወጣ አይደለም።

የራስና የፊት ላብ በሦስት መንገድ ይቀሰቀሳል። አንደኛው ሙቀት ነው። ሁለተኛው ጭንቀትና ድንጋጤ ሲሆን፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር የተለመደ ምሳሌው ነው። ሦስተኛው ምግብ ነው፤ በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ የሚገኘው ካፕሳይሲን የሙቀት ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮችን ስለሚነካ አካሉ ሳይሞቅ እንደ ሞቀ ቆጥሮ በግንባርና በራስ ላይ ላብ ያፈልቃል። እነዚህ ሁሉ በመጠናቸው የተፈጥሮ ምላሾች ናቸው።

ላቡ ከመጠን አልፏል፣ ማለትም ሃይፐርሃይድሮሲስ ነው የሚባለው አካልን ለማቀዝቀዝ ከሚያስፈልገው በላይ ሲሆን ነው። ሌላ በሽታ ሳይኖር የሚከሠተው ዓይነት ቀዳማዊ ይባላል። ግልጽ ምክንያት የሌለው የሚታይ ላብ ቢያንስ ለ6 ወር ከቆየና ከሚከተሉት ቢያንስ ሁለቱ ከተገኙ ቀዳማዊ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ላቡ በግራና በቀኝ እኩል መሆኑ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መከሠቱ፣ ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመሩ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው መኖሩ፣ የዕለት ተዕለት ሥራን ማወኩና በእንቅልፍ ጊዜ መቆሙ። የመጨረሻው ነጥብ በተግባር እጅግ ጠቃሚ ነው። ቀን ላብ የሚያጠምቀው ሌሊት ግን ትራሱ ደረቅ የሆነ ሰው ሁኔታ፣ ሌሊት ልብሱ እስኪርስ ከሚያልበው ሰው ሁኔታ ፈጽሞ የተለየ ነው። የሁለተኛው ጉዳይ በክፍል 7 ይመለሳል።

3. ከላብ ወደ ጠረን፣ ማሳከክና ፎረፎር

በማንኛውም ጤናማ ሰው ራስ ላይ ማላሴዚያ የተባለ እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ይህ ፈንገስ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን የቅባት አሲድ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከቆዳው ቅባት ለመውሰድ ይገደዳል። ለዚህም ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም በማመንጨት በቅባቱ ውስጥ ያለውን ትራይግሊሰራይድ ይሰባብራል። ከተሰባበረው ውስጥ የሚያስፈልጉትን የረጉ የቅባት አሲዶች ይጠቀማል፤ እንደ ኦሌይክ አሲድ ያሉትን ያልረጉትን ግን በቆዳው ላይ ይተዋቸዋል። ኦሌይክ አሲድ በተጋላጭ ሰዎች ላይ የቆዳውን ውጫዊ መከላከያ ያሳሳል፤ ቆዳውም በመቆጣት ሕዋሶቹን ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ ያመርታል። ጤናማ ቆዳ ከመሠረቱ እስከ ወለሉ ለመታደስ 4 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ሂደት ሲፋጠን ሕዋሶቹ ሳይበስሉና እርስ በርስ ሳይላቀቁ ወደ ላይ ስለሚደርሱ በቁራጭ በቁራጭ ይረግፋሉ። ፎረፎር የሚባለው ይህ ነው። ቅርፊቱ ወፍሮ ቢጫማ ሲሆንና ቆዳው ሲቀላ ወይም በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ አልያም የጠቆረ ምልክት ሲታይ ሴቦሪክ ደርማታይተስ የሚለው ስም ይሰጠዋል።

ከዚህ ማብራሪያ እንደሚታየው ለፎረፎር መፈጠር ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ፈንገሱ፣ ቅባቱና የሰውየው ተጋላጭነት። ላብ ከሦስቱ ውስጥ የለም። በእርግጥም ብዙ የሚያልባቸው ሆነው ፎረፎር የማያውቁ፣ ፈጽሞ የማያልባቸው ሆነው በፎረፎር የሚቸገሩ ሰዎች አሉ። የላብ ድርሻ ሦስቱ ባሉበት ሁኔታውን ማባባስ ነው። ለረጅም ጊዜ የረጠበ ቆዳ ውጫዊ ሽፋኑ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ መከላከያነቱ ይቀንሳል፤ የሚያስቆጡ ነገሮችም በቀላሉ ይሰርጉበታል። በተጨማሪም ላቡ ቅባቱን፣ የሞቱትን ሕዋሶችና የፀጉር መዋቢያ ቅሪቶችን ለውሶ በፀጉሩ ሥር እንደ ስስ ልጥፍ ያስቀምጣቸዋል።

ማሳከኩ ከአንድ በላይ ምንጭ አለው። አንዱ ከላይ የተገለጸው የቆዳ መቆጣት ነው። ሁለተኛው ላቡ ራሱ ነው፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨውና ሌሎች ቅሪቶች በቆዳው ላይ ስለሚቀሩ ቀድሞ በተጎዳ ቆዳ ላይ የመለብለብና የማሳከክ ስሜት ይፈጥራሉ። ሰውየው ሲያክክ በጥፍሩ ቆዳውን ይቧጭራል፤ በተቧጨረው ላይ የሚቀጥለው ላብ የበለጠ ይለበልበዋል። በዚህ መንገድ ላብና ማከክ አንዱ ሌላውን የሚመግብ ዙር ይሆናሉ።

ጠረኑም በተመሳሳይ መንገድ በጊዜ ሂደት የሚፈጠር ነው። በቆዳው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ከእነዚህም ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ፣ በላብና በሞቱ ሕዋሶች ውስጥ የሚገኙ አሚኖ አሲዶችን ይሰባብራሉ። ለምሳሌ ሉሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ አይሶቫለሪክ አሲድ ይገኛል፤ ይህም ከእግር ሽታ ጋር የሚያያዘው ኮምጣጣ ጠረን ያለው ውሕድ ነው። ማላሴዚያም ቅባቱን ሲሰባብር የራሱን ጠረን ይጨምራል። እነዚህ ሥራዎች እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋሉ። በመሆኑም የሚያልበው ሰው ራስ ወዲያው አይሸትም፤ የሚሸተው ላቡ ሳይወገድ ሲቆይና ይህም በተደጋጋሚ ሲሆን ነው።

4. ደረቅ ፀጉርና ቅባታም ቆዳ

ከላይ የተገለጸው ሂደት በጥቅልል ፀጉር ላይ አንድ አሳሳች ገጽታ አለው። በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ የቆዳው ቅባት ዘንጉን ተከትሎ ወደ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል። ጥቅልል በሆነው ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ ስለሚያዝ አብዛኛው ከሥሩ አይርቅም። በዚህ ምክንያት የፀጉሩ ጫፍ ደርቆ ሲሰባበር ቆዳው ግን በቅባት ተሸፍኖ ሊገኝ ይችላል። ጫፉን የዳሰሰ ሰው ራሱ የደረቀ ይመስለዋል፤ በዚያ ላይ ቅርፊት ሲያይ ግምቱ የተረጋገጠ ሆኖ ይታየዋል።

የሚቀጥለው እርምጃ በሀገራችን የታወቀ ነው። ፀጉሩ መሥመር በመሥመር ተከፍሎ ቅቤ በቆዳው ላይ ይቀባል፤ ከዚያም ሹሩባ ይሠራል። ቅቤ ለፀጉሩ ዘንግ ያለው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ልስላሴ ይሰጠዋል፣ ሲበጠርም እንዳይሰበር ይረዳል። ነገር ግን ቅቤ በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ነው፤ በውስጡም የረጉ የቅባት አሲዶች በብዛት ይገኛሉ። ይህም ማላሴዚያ ለመሰባበር የሚችለው ዓይነት ቅባት ነው። በፎረፎር በተጠቃ ቆዳ ላይ ቅቤ መቀባት ቅርፊቱን አርጥቦ ከዓይን ስለሚሰውረው ለሁለትና ለሦስት ቀን የተሻለ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ችግሩ ብሶ ይመለሳል። የምግብ ዘይቶችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

ድርቀትን ከቅባታም ፎረፎር ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፀጉሩ ከታጠበ ከ2 ቀን በኋላ፣ ምንም ነገር ሳይቀባና በማያልብበት ሰዓት፣ በሦስት ስፍራ ማለትም በአናት፣ በጆሮ ግንድ በላይና በማጅራት በኩል ፀጉሩን ከፍሎ ነጭ ስስ ወረቀት በቆዳው ላይ ለጥቂት ሰኮንድ መጫን ነው። የላብ እርጥበት የተወው ምልክት ወረቀቱ ሲደርቅ ይጠፋል፤ የቅባት ምልክት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ቅርፊቱም ራሱ ይናገራል። የድርቀት ቅርፊት ደቃቅ፣ ነጭና በቀላሉ የሚረግፍ ሲሆን፣ የፎረፎሩ ግን ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና በጣት ሲታሽ የሚጣበቅ ነው። ይህ ሙከራ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ቅቤውን ከመቀባት በፊት ግን አንድ ጊዜ ለማሰብ በቂ ምክንያት ይሰጣል።

5. አንድ ምሳሌ

የሚከተለው በተደጋጋሚ ከሚታዩ ሁኔታዎች የተጠናቀረ ማሳያ እንጂ የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም።

አንዲት የ26 ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በድሬዳዋ ትኖራለች። ከ15 ዓመቷ ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ፣ ሚጥሚጣ ስትበላና በክፍል ውስጥ ጽሑፍ ስታቀርብ ራሷንና ግንባሯን ላብ ያጠምቃታል። ላቡ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ሌሊት ትራሷ አይረጥብም፤ እናቷም እንዲሁ ናቸው። ክብደቷ አልቀነሰም፤ ትኩሳት የለባትም፤ መድኃኒትም አትወስድም። ይህ ታሪክ ከቀዳማዊው ዓይነት ጋር ይስማማል።

ሹሩባዋን በየ3 ሳምንቱ ትሠራለች። በዋዜማው በየመሥመሩ ቅቤ ትቀባለች፤ ውጭ ስትወጣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሻሽ ታስራለች፤ ራሷን የምትታጠበው ሹሩባው ሲፈታ ብቻ ነው። የምታቀርበው ቅሬታ የጊዜ ቅደም ተከተል አለው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደኅና ትሆናለች፤ በ5ኛው ቀን ገደማ ማጅራቷና አናቷ ማሳከክ ይጀምራሉ፤ ከ8ኛው ቀን በኋላ ሻሹ ሲፈታ ጠረን ይሰማታል፤ በ3ኛው ሳምንት ሹሩባው ሲፈታ ቢጫማ ቅርፊት ይረግፋል። ቅርፊቱን እንደ ድርቀት ስለቆጠረችው በሚቀጥለው ዙር ቅቤውን ትጨምራለች። በወረቀቱ ሙከራ ግን በሦስቱም ስፍራ የማይጠፋ የቅባት ነጠብጣብ ይገኛል፤ የፀጉሯ ጫፍ በአንጻሩ ደረቅ ነው።

እርምጃው የሚጀምረው ሹሩባውን ለ4 ሳምንት በመተው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ባለ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ ትጠቀማለች። ቅቤው ከቆዳው ተነሥቶ በፀጉሩ የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ይቀባል። የሰው ሠራሹ ሻሽ በሁለት የጥጥ ሻሾች ተተክቶ በየቀኑ ይቀያየራል፤ ፀጉሩ እስከ ሥሩ ሳይደርቅም አይታሰርም።

በ2ኛው ሳምንት ማሳከኩ ይቀንሳል። በ4ኛው ሳምንት ቅርፊቱ ይጠፋል፤ ጠረኑም አይሰማም። የላቡ መጠን ግን እንደ ቀድሞው ነው፤ ጽሑፍ ስታቀርብ ግንባሯ አሁንም ይረጥባል። የምሳሌው ዋና ትምህርት በዚህ ላይ ያርፋል፤ ላቡ ሳይለወጥ ውጤቶቹ ተለውጠዋል።

በ6ኛው ሳምንት ወፈር ያለ ሹሩባ ስትሠራ በ4ኛው ቀን የማጅራቷ ማሳከክ ይመለሳል። ምክንያቱ ሲፈለግ ፀጉሯ ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ መሠራቱ ይታወቃል። ላዩ የደረቀ ቢመስልም በማጅራት በኩል ያለው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር እርጥብ ነበር። በቀጣዩ ዙር ፀጉሩ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ይሠራል፤ የሹሩባውም ቆይታ ወደ 10 ቀን ያጥራል፤ ሻምፑው በሹሩባው ፍች ቀን አንድ ጊዜ ይደገማል። በዚህ አኳኋን ችግሩ ሳይመለስ ይቆያል።

6. የእንክብካቤው ቅደም ተከተል

ከምሳሌው የሚወጣው አሠራር አራት ደረጃዎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም ትርጉም አለው።

የመጀመሪያው ፈንገሱን መቀነስ ነው። ባለ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ከዚያም መልሶ እንዳያገረሽ በየ1 ወይም በየ2 ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ዚንክ ፓይሪታዮን ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለባቸው ሻምፑዎችም አማራጭ ናቸው፤ የመጨረሻው ግን ቀለም የተቀባ ፀጉርን ሊያወይብ ይችላል። ውጤት የሚያሳጣው የተለመደ ስሕተት ሻምፑውን በፀጉሩ ላይ አረፋ አስነሥቶ ወዲያው ማለቅለቅ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በቆዳው ላይ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ፀጉሩ በመሥመር ተከፍሎ ሻምፑው ቆዳው ላይ በጣት ጫፍ ይታሻል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በደንብ ይለቀለቃል። ሹሩባ ላይ ያለ ሰው አፈ ቀጭን ጠርሙስ ተጠቅሞ ሳይቀጥን በየመሥመሩ ማፍሰስ ይችላል። ሻምፑው ፀጉሩን ስለሚያደርቅ ኮንዲሽነር ከመካከል እስከ ጫፍ ብቻ ይቀባል።

ሁለተኛው እርጥበቱ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ከታጠቡ በኋላ ፀጉሩ በፎጣ እየተጫነ ውሃው ይመጠጣል እንጂ አይታሽም። ከዚያ በመሥመር ተከፍሎ በነፋስ ወይም በቀዝቃዛ የማድረቂያ አየር ይደርቃል፤ ሙቅ አየር እንደገና ያስልባል። የመድረቁ ማረጋገጫ የፀጉሩ ወለል ሳይሆን ጣት በማጅራትና በጆሮ ጀርባ እስከ ቆዳው ገብቶ የሚሰማው ነው። በሥራ መካከል ሲያልብ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቆዳውን መጫን ይበቃል። ብዙ ካለበ ማምሻውን በንጹሕ ውሃ ብቻ መለቅለቅ ጨዉን ያስወግዳል። ባለበ ቁጥር በሻምፑ ወይም በልብስ ሳሙና መታጠብ ግን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያሳሳ ማሳከኩን ይጨምረዋል።

ሦስተኛው የሚሸፍነውን ነገር ማስተካከል ነው። ሻሽ፣ ኮፍያና የራስ ቁር ውስጠኛ ጨርቅ የትናንቱን ላብና ቅባት ይዘው ስለሚቆዩ በንጹሕ ራስ ላይ ጠረኑን መልሰው ይጭኑታል። ራሱን ታጥቦ ያው ጠረን በሰዓታት ውስጥ የሚመለስበት ሰው መጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው ሻሹን፣ ማበጠሪያውንና የትራሱን ልብስ ነው። የሚሸፈነው በእምነት ወይም በሥራ ግዴታ ከሆነ፣ ከሥር የሚደረግ ስስ የጥጥ ጨርቅ በየቀኑ መቀየር ተመራጭ ነው።

አራተኛው ቅባቱን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቅቤም ሆነ ዘይት ለፀጉሩ ዘንግና ጫፍ ይቀባል፤ ከቆዳው ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ፀጉሩ ከመታጠቡ ጥቂት ሰዓት በፊት ተቀብቶ በዚያው ቀን መታጠቡ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ዘንጉ ልስላሴውን ያገኛል፣ ትርፉም በቆዳው ላይ አያድርም።

7. የእንክብካቤው ገደብና ወደ ሕክምና የሚያመሩ ምልክቶች

ከላይ የተዘረዘረው ለ4 ሳምንት በትክክል ተሠርቶበት ለውጥ ካልታየ የመጀመሪያው ግምት እንደገና መጤን አለበት። ቅርፊቱ ወፍራም፣ ብርማና ከፀጉሩ መስመር አልፎ ወደ ግንባር የሚወጣ ከሆነ ሶርያሲስ ሊሆን ይችላል። በተለይ በልጆች ላይ ፀጉሩ በክብ ስፍራ የሚነቀል ወይም የሚሰበር ከሆነ በተለምዶ ቆረቆር የሚባለው የፈንገስ ሕመም ይጠረጠራል፤ ይህ ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚፈልግ በሻምፑ ብቻ አይድንም። ሙቀት በተሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ደቃቅ የሚያሳክኩ እብጠቶች ወጥተው ወዲያው የሚጠፉ ከሆነ ከፎረፎር ይልቅ በሙቀት የሚቀሰቀስ የቆዳ አለርጂ መሰል ምላሽ ይታሰባል። ቅማልም መረሳት የለበትም። ድንገት የመጣና እጅግ የበረታ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ደግሞ የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከምን ሊያመለክት ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራ ይመከራል።

በተግባር ጉዳት የሚያደርሰው አንዱ ነገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ማሳከኩን በጥቂት ቀን ያስታግሣሉ፤ ፈንገሱን ግን አይገድሉም። በተደጋጋሚ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሳሉ፤ ሲቆሙም ችግሩ ያገረሻል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡበት አግባብ ግን አለ።

ላቡን ራሱን በተመለከተ የሚከተሉት ምልክቶች ቀዳማዊ አለመሆኑን ይጠቁማሉ። ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከታየ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መዘግየት የለበትም። ከልብ ምት መፍጠን፣ ከእጅ መንቀጥቀጥና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ላብ የታይሮይድ ዕጢን ይመለከታል። የስኳር ሕመም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ድንገተኛ ላብ የደም ስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችም ላብ ያበዛሉ። በአንድ ጉንጭ በኩል ብቻ ምግብ ሲበላ የሚመጣ ላብም ቀደም ሲል በምራቅ ዕጢ አካባቢ ከተደረገ ቀዶ ሕክምና ጋር ሊያያዝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ መታከም ያለባቸው ከምንጫቸው ነው።

ቀዳማዊው ላብ ኑሮን ሲያውክ ለብቻው ይታከማል። አሉሚኒየም ክሎራይድ ለብብት የተለመደ ቢሆንም ፀጉር ባለበት ቆዳ ላይ መቀባቱ አስቸጋሪ ነው፤ በተቆጣ ቆዳም ላይ ይለበልባል። እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ላቡን ይቀንሳሉ፤ ይሁን እንጂ አፍን ያደርቃሉ፣ ሆድን ያደርቃሉ፣ ዐይንን ያደበዝዛሉ። ከዚህም በላይ አካሉ በላብ ራሱን የማቀዝቀዝ አቅሙን ስለሚቀንሱ በቆላ አካባቢ ለሚሠራ ሰው የሙቀት ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ለወራት የሚቆይ ውጤት ቢሰጥም ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል፤ መደጋገምም አለበት። ስለዚህ ወደ እነዚህ ከመሄድ በፊት ማሳከኩ፣ ጠረኑና ፎረፎሩ በእንክብካቤ ምን ያህል እንደሚቀንሱ ማየቱ ተገቢ ነው።

8. ማጠቃለያ

የራስ ላብ ሲወጣ ጠረን የለውም፤ ፎረፎርንም ብቻውን አይፈጥርም። ችግሩ የሚጀምረው ላቡ ከቅባት፣ ከፈንገስና ከሽፋን ጋር ተገናኝቶ ሲቆይ ነው። ከዚህ የተነሣ የእንክብካቤው ጥያቄ «ላቡ እንዴት ይቁም?» ከሚለው ይልቅ «በቆዳው ላይ ምን ያህል ሰዓት ይቆያል? ምንስ ያገኛል?» ወደሚለው ይሸጋገራል። የፀጉሩ ጫፍ መድረቅ የቆዳው መድረቅ ማስረጃ አይደለም። ቅርፊት የታየበት ቆዳም ቅቤ ከመቀባቱ በፊት ተከፍሎ መታየት፣ በወረቀት መፈተን ይኖርበታል። በዚህ መንገድ የሚታየው ለውጥ ከ4 ሳምንት በኋላ ካልመጣ ወይም ላቡ ሌሊትም የሚቀጥል ከሆነ ጉዳዩ ከቤት እንክብካቤ አልፎ የሐኪም ምርመራ የሚሻ ይሆናል።